በቦድሚን የተለካው ገሰላ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ቦድሚን ሙር የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ዛፍ ብርቅ ነው። ሣርና ረግረግ፣ ከመሬት ብቅ ብቅ ያለ የግራናይት ቋጥኝ፣ የበግ መንጋ፣ ማሳን ከማሳ የሚለይ የድንጋይ ካብ፤ በላዩ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ሊወርድ የሚችል ጭጋግ። በዚህ ሜዳ ላይ ለዓመታት አንድ ወሬ ሲዞር ኖሯል። ትልቅ ጥቁር አውሬ አለ፣ በግ ይበላል፣ ድመት ይመስላል ግን ድመት አይደለም። እኛ ገሰላ የምንለው ዓይነት፣ ጥቁር ነብር መሆኑ ነው። ጋዜጦቹ «የቦድሚን አውሬ» ብለው ስም አወጡለት።

ወሬው ጨርሶ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1976 አደገኛ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማኖርን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ሰው ነብርም ቢሆን ገዝቶ በግቢው ማሳደግ ይችል ነበርና፣ ሕጉ ሲመጣ አንዳንዶቹ ባለቤቶች እንስሶቻቸውን በሌሊት ሜዳ ላይ ለቀቋቸው የሚል ግምት ሥር ሰደደ። በጎቻቸውን ተቦጫጭቀው የሚያገኙ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ቀጠሉ፤ ፎቶና ቪዲዮ ያነሡ ሰዎችም ማስረጃቸውን ይዘው ቀረቡ። በ1995 የአገሪቱ የግብርና፣ የዓሣ ሀብትና የምግብ ሚኒስቴር ባለሙያዎቹን ወደ ቦታው ላከ።

ባለሙያዎቹ የበግ ሬሳ መረመሩ፣ ዱካ ተመለከቱ። እኔን የሚማርከኝ ግን ከፎቶዎቹ ጋር ያደረጉት ነገር ነው። እንስሳው ላይ አፍጥጠው «ነብር ነው፣ አይደለም» እያሉ መከራከሩን ትተው፣ እያንዳንዱ ምስል የተነሣበትን ቦታ ፈልገው ሄዱ። እንስሳው የታየበትን የድንጋይ ካብና የበር ምሰሶ አገኙ። ከዚያም የመለኪያ ዘንግ እንስሳው በነበረበት ቦታ አቁመው ዳግም ፎቶ አነሡ።

ካቡ አልተንቀሳቀሰም። ምሰሶውም እንደቆመ ነው። እንስሳው ከሄደ ወራት ቢያልፉም፣ አጠገቡ የነበረው ነገር ቁመቱን ይዞ ቆይቶለታል።

የተካፈለ ሂሳብ

ነገሩ ለምን ዘንግ እስከማስያዝ እንደሚደርስ ለመረዳት ካሜራ ምን እንደሚመዘግብ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሜራ የእንስሳን ቁመት አይመዘግብም። የሚመዘግበው እንስሳው በሌንሱ ፊት የሚይዘውን ማዕዘን ነው፤ ይህ ማዕዘን ደግሞ ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው፣ ከእንስሳው ቁመትና ከካሜራው እስከ እንስሳው ካለው ርቀት። ፎቶው ቁመቱን ለርቀቱ አካፍሎ ውጤቱን ብቻ ይሰጠናል። ዕቁብተኞች ተካፍለው ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ብር ደረሳቸው ቢሉን፣ ገንዘቡ ሃምሳ ብር ሆኖ ሰዎቹ አምስት ይሁኑ፣ ወይም አምስት መቶ ብር ሆኖ ሰዎቹ ሃምሳ ይሁኑ እንደማናውቀው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የቤት ድመት ትከሻዋ ላይ ስትለካ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ከካሜራው 10 ሜትር ርቃ ብትቆም፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳታል። ትከሻው 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ነብር በ23 ሜትር ከሲሶ ርቀት ላይ ቢቆም ያው 3 ሴንቲ ሜትር ነው የሚደርሰው። በፎቶው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። የድመቷን ምስል በነብሩ ላይ ብታነጥፉት ትከሻ ከትከሻ ይገጥማል። የካሜራውን ጥራት ብትጨምሩ፣ ምስሉን ብታጎሉት ወይም ብታቀርቡት ይህ እኩልነት አይፈርስም፤ ጠፍቶ የቀረው የርቀቱ ቁጥር ነውና።

በአካል ስንገኝ እንዲህ በቀላሉ አንታለልም። በእኛና በእንስሳው መካከል ያለው መሬት ይታየናል፤ ሣሩ እየራቀ ሲሄድ እየደቀቀ መምጣቱን፣ ስንት ማሳ እንዳለፍን፣ እርምጃ ስናደርግ ቅርቡ ነገር ከሩቁ ይልቅ ቶሎ መንሸራተቱን እናያለን። ፎቶ አንሺው ዙም ሲያደርግ ግን ይህ ሁሉ ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል። የሚተርፈው እንስሳው፣ ከእግሩ ሥር ጥቂት ሣር፣ ከጀርባው ሰማይ ነው።

የጎደለውን ርቀት እንግዲህ አእምሯችን ራሱ ይሞላዋል። የሚሞላውም አስቀድሞ ባመነው ነገር ነው። አውሬ አለ ሲባል የከረመ ሰው ጥቁር ድመት መሰል ነገር በካብ ላይ ሲያይ፣ መጀመሪያ «ነብር» ይላል፤ ነብር ከሆነ በ23 ሜትር ላይ መቆም አለበት፤ ስለዚህ ካቡን ወደዚያ ያርቀዋል። ካቡ ከራቀ ደግሞ ካቡም ትልቅ ይሆናል፤ ትልቅ ካብ ላይ የሚራመድ እንስሳ በእርግጥም ትልቅ ነው። ክቡ ገጠመ። ይህ ሰው አልዋሸም፣ ዓይኑም ደህና ነው። የሰጡትን ክፍፍል ወደ ኋላ ሲመልስ የጀመረበት ቁጥር ነው የተሳሳተው።

ጥቁርነቱም ችግር ይጨምራል። እንስሳው ነጠብጣብ ቢኖረው ወይም ፊቱ ጠርቶ ቢታይ፣ መጠኑን ሳናውቅ እንኳ ከመልኩ ልንለየው እንችል ነበር። የቤት ድመት ጆሮዋ ለጭንቅላቷ ትልቅ ነው፤ የነብር ጆሮ ከራሱ ግዝፈት ጋር ሲታይ ትንሽና ክብ ነው፤ የነብር አንገትና ጅራትም ወፍራም ነው። ከሩቅ የተነሣ፣ ሙሉ ጥቁር የሆነ፣ የደበዘዘ ምስል ግን ይህን ሁሉ ወደ አንድ ጥላ ይለውጠዋል። የቀረው መጠን ብቻ ይሆናል፣ መጠኑ ደግሞ የለም።

ዘንጉ እንዴት ይቆማል

ወደ ቦታው ተመልሶ መለካት ሲሉት ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ከባዱ ሥራ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ነጥብ መልሶ ማግኘት ነው። ይህ የሚደረገው በመደራረብ ነው። በድሮው ፎቶ ላይ የበሩ ምሰሶ ጫፍ ከኋላው ያለን ቋጥኝ በየት በኩል እንደሚሸፍነው ታያላችሁ። ካሜራ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ትሄዳላችሁ፤ ምሰሶው ቋጥኙን ልክ እንደ ፎቶው ሲሸፍነው በአንድ መስመር ላይ ናችሁ። ሌላ የሚደራረቡ ጥንድ ነገሮች ፈልጋችሁ እንዲሁ ብታደርጉ ሁለተኛ መስመር ታገኛላችሁ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ሰውዬው የቆመው።

ከዚያ ዘንጉን እንስሳው እግሩን ባሳረፈበት ድንጋይ ላይ ማቆም ነው። አጠገቡ ባለው ሳይሆን በዚያው ድንጋይ ላይ። አዲሱ ካሜራ ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ሌንስ ባይኖረውም አይጎዳም። በሁለቱም ፎቶዎች ላይ ያው ድንጋይ ስላለ፣ ድንጋዩ በአዲሱ ፎቶ ከዘንጉ ጋር ተለክቶ፣ በድሮው ፎቶ ደግሞ እንስሳውን ይለካል። ድንጋዩ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነና እንስሳው በድሮው ፎቶ የድንጋዩን ሦስት አራተኛ ካከለ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ ሂሳብ የለውም።

በቦድሚንም የሆነው ይኸው ነው። በካብ ላይ ሲሄድ የታየው «ገሰላ» ከዘንጉ ጋር ሲነጻጸር ትከሻው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ። ሌሎቹም ቢሆኑ ከቤት ድመት ልክ ብዙም ያለፉ አልነበሩም። በሐምሌ 1995 የወጣው ሪፖርት በሜዳው ላይ ትልቅ የድመት ዘር ስለመኖሩ ሊረጋገጥ የሚችል ማስረጃ አልተገኘም አለ። አውሬው የለም ብሎ ግን አልደመደመም፤ አለመኖሩንም ማረጋገጥ እንደማይቻል በግልጽ አስፍሯል። ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማምለጫ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ልክ የሆነ ይመስለኛል፤ ዘንግ የሚለካው ፎቶው ውስጥ ያለውን እንስሳ ነው፣ ፎቶ ያልተነሣውን አይለካም።

ሪፖርቱ በወጣ በቀናት ውስጥ አንድ ልጅ ፎዌይ ከሚባለው ወንዝ የትልቅ ድመት ዘር ራስ ቅል አገኘ። ይህ በእጅ የሚያዝ አጥንት ነው፤ በመጠኑ ላይ ክርክር የለም። ለንደን ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከና በእርግጥም የነብር ራስ ቅል መሆኑ ተረጋገጠ። ሆኖም የኋላው ክፍል የቆዳ ምንጣፍ ሲዘጋጅ እንደሚደረገው ተቆርጦ ነበር፤ በውስጡም በእንግሊዝ አየር የማይራባ የሞቃት አገር በረሮ የእንቁላል ከረጢት ተገኘ። ነብሩ የሞተው ከቦድሚን ርቆ፣ በሌላ አገር ነው። በፎቶዎቹ ቦታው እውነት ሆኖ መጠኑ ጠፍቶ ነበር፤ እዚህ መጠኑ እውነት ሆኖ ቦታው ጠፋ።

አጠገቡ የሚመስለው

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «እንስሳው አጠገብ የሚታወቅ ነገር ካለ በቃ» ማለት ይቀናል። አይበቃም። በፎቶ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ነገሮች መሬት ላይ ጎን ለጎን ላይሆኑ ይችላሉ። አብዛኛው የተጋነነ የእንስሳ ፎቶ የሚሠራውም መለኪያ በማጥፋት ሳይሆን የተሳሳተ መለኪያ በማቅረብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢራቅ የወጣው የግመል ሸረሪት ፎቶ ለዚህ ዓይነተኛ ነው። ሁለት የግመል ሸረሪቶች ተጣብቀው፣ በእጅ ተንጠልጥለው፣ ለሌንሱ ተጠግተው የተነሡበት ምስል ነበር። ከበስተኋላቸው ያለው ነገር ሁሉ ራቅ ያለ በመሆኑ፣ አንዷ ብቻ የሰው ጭን የምታክል መሰለች። በኢሜይል እየተላለፈ ዓለምን ያዳረሰው ሰው ከሚበላ ሸረሪት ወሬ ጋር ነው። የግመል ሸረሪት በእኛም ቆላ አለች፤ በምሽት መብራት ተከትላ ስትሮጥ ያየ ሰው ፍጥነቷን አይረሳም። ትልቋ እንኳ ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ ስትዘረጋ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነች። የሰው መዳፍ ላይ ትገባለች።

ማጋነኑ በምን ያህል እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ዓሣ አጥማጅ ዓሣውን ይዞ ፎቶ ሲነሣ እጁን ወደ ካሜራው ይዘረጋል፤ ይህን የማያውቅ አጥማጅ የለም። ካሜራው ከሰውየው ደረት 1.5 ሜትር ቢርቅና ሰውየው እጁን 60 ሴንቲ ሜትር ቢዘረጋ፣ ዓሣው ከካሜራው 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። 1.5ን ለ0.9 ስናካፍል 1.67 ይመጣል። ከሰውየው ደረት ጋር ሲነጻጸር 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ናይል ፐርች አንድ ሜትር ሆኖ ይታያል።

አሁን ፎቶ አንሺው ወደ 15 ሜትር ይሽሽና ዙም ያድርግ። ሰውየው እጁን ያንኑ ያህል ቢዘረጋም ዓሣው 14.4 ሜትር ላይ ነው፤ 15 ሲካፈል ለ14.4 ደግሞ 1.04 ብቻ። ማጋነኑ ከ67 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ከዚህ የምንረዳው፣ ዙም መሬቱን ከፍሬም በማስወጣት ርቀትን እንደሚደብቅ ሁሉ፣ ከሩቅ ሲነሣ ግን በእንስሳውና በመለኪያው መካከል ያለውን ትንሽ የርቀት ልዩነት ከቁጥር እንዳይገባ ያደርገዋል። ሌንሱ ራሱ አይደለም ይህን የሚያደርገው፣ ርቀቱ ነው። በስልክ ከአንድ ሜትር የተነሣ ፎቶ ላይ አንድ ክንድ የፊትና ኋላ ልዩነት ሁሉን ያበላሻል፤ ከ15 ሜትር በተነሣው ላይ ያው ክንድ ብዙ አይጎዳም።

መለኪያውና እንስሳው በእርግጥ አንድ ርቀት ላይ መሆናቸውን ከፎቶው ለማወቅ የመጀመሪያው ምልክት መሬቱ ነው። ሜዳው ደልዳላ ከሆነ፣ ሁለቱም መሬቱን የሚነኩበት ነጥብ በፎቶው ላይ እኩል ከፍታ ላይ መዋል አለበት፤ የአንዱ እግር ከሌላው እግር ከፍ ብሎ ከታየ እሱ ሩቅ ነው። የተንጠለጠለ፣ የተያዘ ወይም እግሩ ከፍሬም የተቆረጠ እንስሳ ይህን ምስክር አስቀድሞ አጥፍቶታል፣ ስለዚህ የመጠርጠር መብት አለኝ። አንዱ ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘም ርቀታቸው ይለያያል። የያዘው ሰው ጣቶችም ይናገራሉ፤ ዓሣውን የያዙት ጣቶች ከዚያው ሰው ፊት ጋር ሲተያዩ ከልክ በላይ ከወፈሩ፣ ዓሣውም በዚያው ልክ ወፍሯል።

ተመራማሪዎች ይህን ችግር የፈቱት መለኪያውን እንስሳው አካል ላይ በማሳረፍ ነው። ካሜራው ላይ ሁለት የሌዘር መብራቶች ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ጨረሮቹ እርስ በርስ ፍጹም ትይዩ ስለሆኑ የቱንም ያህል ቢርቁ በመካከላቸው ያለው ስፋት አይለወጥም። 4 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ከተነሡ፣ በእንስሳው ጎን ላይ የሚያርፉት ሁለት ነጥቦችም 4 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። በዚህ መንገድ የአልፕስ ዋልያዎችን ቀንድ ሳይነኩ ለክተዋል፤ የጭላዳን እድገት በሰሜን ተራሮች ያጠኑ ሰዎችም ከፎቶ መለካትን ተጠቅመዋል። እንስሳውን ሳያደነዝዙ፣ ሳይዙ። ደካማ ጎኑ፣ እንስሳው ጎኑን ቀጥ አድርጎ ካልሰጠ ርዝመቱ አጥሮ መታየቱ ነው፤ ሌዘሩ የሚያርምልን ርቀትን እንጂ መዞርን አይደለም። ጨረሮቹም በጉዞ ተንገጫግጭተው ትይዩነታቸውን ካጡ በየርቀቱ የተለያየ ስህተት ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በማስመሪያ ላይ አብርቶ ያረጋግጣል።

ከሃይላንዱ እስከ ጅራቱ

ሌዘር የሌለው ሰው ያለውን ይጠቀማል። አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ የኩልፎ ወንዝ ከሚገባበት አካባቢ አዞ ገበያ የሚሉት ቦታ አለ። ጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ወደ ዳርቻው ሲጠጋ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። የጀልባው ሹፌር ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሐይቁን በልጅነታቸው የጀመሩ ሰው ነበሩ። ጎኑን ሰጥቶ የተጋደመ አንድ አዞ በአገጫቸው አሳዩኝና «አምስት ሜትር» አሉ።

«እንዴት አወቁ፣ ጋሼ?»

«ዓይን ይለምዳል፣ ልጄ።»

ፎቶ አነሣሁ። አዞው ፊት፣ ከጭቃው ላይ፣ ጎብኚ የጣለው ባዶ ሃይላንድ ተጋድሟል። ያናደደኝን ያህል ጠቀመኝ። አንድ አባ ኮዳም ቆሞ ነበር፤ ወፉ ግን መለኪያ አይሆንም። አንገቱን ሲሰበስብና ሲዘረጋ ቁመቱ ይለዋወጣል፤ በዚያ ላይ አንዱ አባ ኮዳ ከሌላው ይለያል። ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ግን የትም ያው ነው።

ማታ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ በፒክስል ለካሁት። የተጋደመ ጠርሙስ ርዝመቱ አይታመንም፤ አፉን ወደ እኛ ካዞረ አጥሮ ይታያል። ውፍረቱ ግን ክብ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ያው ነው፤ ስለዚህ የለካሁት ውፍረቱን ነው፣ 60 ፒክስል። አዞው ከአፍንጫው ጫፍ እስከሚታየው የጅራቱ መጨረሻ 2,940 ፒክስል። ማለትም የጠርሙሱን ውፍረት 49 ጊዜ ይይዛል።

ጠርሙሱ ግን የግማሽ ሊትር ነው ወይስ የሁለት ሊትር? ሁለቱ በቅርጽ ይመሳሰላሉ፤ በፎቶ ላይ አንዱ የሌላው ትልቅ ቅጂ ነው። የግማሽ ሊትሩ ውፍረት 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የሁለት ሊትሩ 10.5 ገደማ። በመጀመሪያው አዞው 3.2 ሜትር ይሆናል፣ በሁለተኛው 5.1። ሹፌሩ ያሉት አምስት ሜትር እዚህ ጋ ሊቆም ምንም አልቀረውም። የለየው ክዳኑ ነው። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ጠርሙሱ ቢያድግም አያድግም፤ በሁለቱም ላይ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሊትሩ ላይ ክዳኑ የጠርሙሱን ውፍረት ግማሽ ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል፣ በሁለት ሊትሩ ላይ ከሲሶም ያንሳል። ፎቶው ላይ ክዳኑ 28 ፒክስል ነበር፣ ከ60ው ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው።

ቀጥሎ የርቀት ልዩነቱ። ጠርሙሱ ከአዞው ይልቅ ለጀልባው አንድ ሜትር ያህል ይቀርባል፤ ጀልባችን ደግሞ ከጠርሙሱ ወደ 20 ሜትር ይርቅ ነበር። 21ን ለ20 ስናካፍል 1.05፤ አዞው በ5 በመቶ ያድጋል፣ 3.3 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ጠርሙሱን በመለካት በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፒክስል ብሳሳት እንኳ ሦስት በመቶ፣ ማለትም አሥር ሴንቲ ሜትር ነው የሚያዛባው።

እዚህ ላይ ቆሞ መኩራት ይቻል ነበር። አዞን የሚያጠኑ ሰዎች ግን አንድ ሌላ ሻካራ ሕግ አላቸው፤ የአዞ ሙሉ ርዝመት ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ራስ ቅሉ ኋላ ያለውን ርዝመት ሰባት ጊዜ ያህል ነው። ይህ ሕግ ብቻውን መጠን አይሰጥም፤ አንድ ሜትር አዞም አምስት ሜትር አዞም ሰባት እጥፍ አካባቢ ናቸው። የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው አካል ሙሉ መሆኑን ይነግራል። የአዞው ራስ 480 ፒክስል ነበር። በሰባት ሲባዛ 3,360። የሚታየው ግን 2,940 ነው። ከ400 ፒክስል በላይ አዞ ጎድሏል።

ፎቶውን አጉልቼ ጅራቱን ተከተልኩ። መጨረሻው ሹል አልነበረም፤ የጭቃው ጠርዝ ላይ፣ ከውሃው ጋር ሲገናኝ፣ ድንገት ይቋረጣል። የቀረው ውሃ ውስጥ ነው። የጎደለውን ጨምረን፣ የርቀቱንም ማስተካከያ ስናደርግ 3.8 ሜትር ይሆናል። የሰባት እጥፉ ሕግ ከአዞ አዞ ስለሚለያይ፣ በእርጋታ መናገር የሚቻለው ከሦስት ሜትር ተኩል እስከ አራት ሜትር ጥቂት አለፍ የሚል ነው። አምስት አይደርስም። በዓለም ላይ በሜትር ተለክተው ከተረጋገጡት ግዙፎች አንዱ፣ በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2011 የተያዘው የጨው ውሃ አዞ፣ 6.17 ሜትር ነበር፤ የጫሞው የዚያን ሁለት ሦስተኛ አይሞላም።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው መቆሚያ ላይ ሹፌሩን አግኝቼ ፎቶውን በስልክ አሳየኋቸው፤ ጠርሙሱን፣ ክዳኑን፣ ውሃ ውስጥ የገባውን ጅራት። ክዳኑ ላይ ሲደርሱ ሳቁ። ስልኩን ተቀብለው ራቅ ቀረብ እያደረጉ ካዩት በኋላ መለሱልኝ።

«አራትም ብትለው አልጣላህም» አሉ። «አምስት ያልኩህ ግን ይህን አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን ነው።»

ፎቶውን ደግሜ አየሁት። ከኋላ፣ ከሸምበቆው ሥር፣ በእርግጥም ሌላ አዞ አለ። የሚታየው ጀርባውና ግማሽ ራሱ ነው። አጠገቡ ከሸምበቆ በቀር ምንም የለም፣ ሸምበቆው ደግሞ የስንት ሜትር እንደሆነ አይታወቅም።

«ሞተሩን ላስነሣ?» አሉኝ።